በሰባተኛ መ በር ላይ

ተማሪዎቿ «ሳይረን» ይሏት ነበር። ስሙን ያወጡላት ከጀርባዋ ቢሆንም እሷም ታውቀዋለች። አንድ ቀን ለባሏ ስትነግረው ሆዱን ይዞ ስቆ ስቆ «አልዋሹማ!» አላት። ባሏ በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆረጥ ሲሰማ የሚውል ሰው እንዲህ ካለ ነገሩ እውነት አለው ማለት ነው።

የሳይንስ መምህርት ናት። ስትቆጣ ድምጿ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ሜዳውን ተሻግሮ የጥበቃው ዳስ ይደርሳል። ጥበቃው ያረፈዱ ልጆችን ሲያይ «ሩጡ፣ ሳይረኗ ጀምራለች» እያለ ያጣድፋቸዋል። ክፉ ሰው ግን አልነበረችም። ልጅ ሲታመም ታቅፋ ክሊኒክ የምትሮጥ፣ ምሳ ያልያዘ ሲኖር ከራሷ ሳህን የምታካፍል ሴት ናት። ሥራ ስትጀምር ነባሮቹ መምህራን «በመጀመሪያው ወር ጥርስሽን እንዳያዩ» ብለው መከሯት፤ እሷም ይህንኑ ይዛ ኖረች። ልጆቹ እስኪያጠፉ ትጠብቃለች፤ ሲያጠፉ ትፈነዳለች። ተነስ፣ ውጣ፣ ወላጅ አምጣ። ጸጥ ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ጥግ ሌላ ጫጫታ ይነሳል፤ እንደገና ትጮኻለች። ማታ ቤቷ ስትገባ አፏን መክፈት እስኪያቅታት ትደክማለች።

አንድ የትምህርት ዘመን ሊያልቅ ሲል ድምጿ እየሻከረ፣ እየተሰነጠቀ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። የጉሮሮ ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ አየና የድምፅ አውታሮቿ ላይ ትናንሽ እባጮች እንዳሉ ነገራት። «ዕረፍት ያስፈልግሻል፤ ከዚያ የንግግር ባለሙያ ታይሻለች። ከእንግዲህ ግን መጮኽ የለም» አላት።

«ሥራዬስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሥራሽ ማስተማር መስሎኝ!»

በዚያ ክረምት የደረሰችላት የልብ ጓደኛዋ ናት። ሁለቱ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው አንድ ክፍል ከተመደቡበት ቀን ጀምሮ አልተለያዩም። አንድ ጥሩ ጫማ ነበራቸው፤ ፈተና ያለባት ትጫማዋለች። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ አራስ ጠየቀች፤ ልጆቻቸው ሁለቱንም «እማ» ብለው ነው ያደጉት። በኋላ ጓደኛዋ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘችና እዚያው ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት ሆነች። የመመረቂያ ጥናቷም ስለ ክፍል አያያዝ ነበር።

«እስቲ ዝም በይና እኔ ላውራ» አለቻት ምክትሏ፣ መምህርቷ ቤት ሳሎን ተቀምጣ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጪኝ የማወራበት ዕድል አገኘሁ።»

መምህርቷ በእጇ ገፋ አደረገቻት።

«የምሬን ነው። ድሮ አንድ ተመራማሪ ክፍሎችን በካሜራ ቀርጾ አየ። ጎበዙን አስተማሪ ከደካማው የሚለየው ልጅ ሲያጠፋ የሚወስደው እርምጃ ነው ብሎ ነበር የጠበቀው። ቢያይ ቢያይ በዚያ አይለያዩም። የሚለያዩት ጥፋቱ ከመምጣቱ በፊት በሚያደርጉት ነው። ጎበዙ ክፍሉን በሙሉ ያያል፤ ነገር ሳይጋጋል ይደርሳል፤ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲያሸጋግር ልጆቹን ባዶ እጃቸውን አያስቀምጥም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ጥናቶች አብዛኞቹ ወደዚያው ነው የሚያመሩት።»

መምህርቷ ወረቀት ስባ ጻፈች፤ «ታዲያ ቅጣት አይሠራም?»

«እንደሱ አልወጣኝም። አጭር፣ አስቀድሞ የታወቀ፣ ለሁሉም እኩል የሆነ ቅጣት ቦታ አለው። ብቻውን ግን ልጁን ምን ማድረግ እንዳለበት አያስተምረውም። ጩኸት ለጊዜው ዝም ያሰኛል። ዝም ስላሰኘሽም ሠራልኝ ብለሽ ትደግሚዋለሽ። የሚለምድብሽ ልጁ ብቻ አይደለም፤ አንቺም ነሽ።»

«ማገድስ?» ብላ ጻፈች።

«የታገዱ ልጆች ብዙውን ጊዜ በትምህርት ወደ ኋላ ሲቀሩና ሲያቋርጡ ነው የሚታየው። እገዳው ነው እንዲያ ያደረጋቸው ወይስ ድሮም የነበረባቸው ችግር ነው የሚለውን መለየት ከባድ ነው፤ በዚህ አልዋሽሽም። ማገድ ጠባይ አስተካከለ የሚል ጠንካራ ማስረጃ ግን አላገኘሁም።»

ያን ያህል ዓመት አብረው ሲኖሩ መምህርቷ ጓደኛዋን እንደዚያ ቀን አክብራት አታውቅም።

ትምህርት ሲከፈት ሰባተኛ መ ደረሰቻት። ሰባተኛ መ ማለት አስተማሪዎች ዕጣ ሲያወጡ እንዳትደርሳቸው የሚሳሉላት ክፍል ናት። ከሌሎቹ ክፍሎች የተገፉት ሁሉ እዚያ ይከማቻሉ። መምህርቷ ድምፅ እንደሌላት የሰሙት ልጆች በደስታ ጠበቋት።

እሷ ግን በር ላይ ቆማ ነበር። እያንዳንዱን በዓይን በዓይኑ እያየች፣ በዝቅተኛ ድምፅ «እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ» እያለች አስገባቻቸው። ሰሌዳው ላይ አንድ አጭር ጥያቄ ተጽፏል፤ የገባ ሁሉ ተቀምጦ እሱን ይጀምራል። ተጋፍተው የገቡትን ቆጣ ሳትል ወደ በሩ መለሰቻቸው፤ «እንደገና እንሞክረው።» ሁለተኛም ተጋፉ። «እንደገና።» አንዱ «ቲቸር፣ ዛሬ ትምህርቱ መግባት ነው እንዴ?» ሲላት ፈገግ ብላ «አዎ፣ ዛሬ እሱ ነው» አለችው። ጥርሷን በመጀመሪያው ቀን አሳየቻቸው።

ያን ሳምንትና ቀጣዩን በሳይንስ ፈንታ በአብዛኛው ልምምድ አደረጉ። እጇን ስታነሳ የያዙትን አስቀምጠው፣ ወደ እሷ ዞረው፣ እጃቸውን ያነሳሉ። ደብተር ሲሰበሰብ ከየረድፉ መጨረሻ ወደ ፊት ይተላለፋል። ለቡድን ሥራ ወንበር ሲያዞሩ እግሩን አንስተው እንጂ እየጎተቱ አይደለም። እያንዳንዱን መጀመሪያ ራሷ ሠርታ ታሳያለች፣ ከዚያ እነሱ ይሞክራሉ። ያበላሹ እንደሆነ ይደግሙታል። በመምህራን ክፍል ቀልዱ ደራ። «ሻለቃው» የሚባለው የሒሳብ መምህር፣ ከመምህራን ሁሉ ቅጣት የሚወደው፣ «እሷ ወንበር ማንሳት ስታስተምር እኛ ምዕራፍ ሁለት ገባን» ይል ነበር። ምክትሏ «ቆይ፣ ወር ይለፍ» እያለች ትመልስላታለች።

ወሩ አለፈ። ሰባተኛ መ ገነት አልሆነችም፤ ግን ሰዓቱ ተረፈ። ልጆቹ ገብተው ይጀምራሉ፤ እሷ በመካከላቸው እየተዘዋወረች የሠሩትን ታያለች። «ሦስተኛው ረድፍ ሳይነገረው ደብተሩን ከፍቷል፤ አመሰግናለሁ» ስትል ሁለተኛው ረድፍ ይከፍታል። ወሬ የጀመሩት አጠገብ ሄዳ ትቆማለች፤ ካልበቃ ጎንበስ ብላ ለባለቤቱ ብቻ የሚሰማ ቃል ትናገራለች። ያጠፋ የሚከተለውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ያበላሸውን ያስተካክላል፣ በዕረፍት ሰዓት ያልሠራውን ይሠራል፤ በማግስቱ ነገሩ አይነሳም። የተበላሹ ቀናትም ነበሩ። ዝናብ ሲዘንብና ፈተና ሲደርስ የለመዱት ሁሉ ይፈርሳል፤ ያኔ እንደ አዲስ መለማመድ ነው። እንዲያም ሆኖ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሯን የማትጎትትበት ጊዜ መጣ። ባሏ «ይቺ ሴት ሌላ ሰው አግብታለች መሰለኝ» እያለ ይቀልድባት ጀመር።

ያልተገራላት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ «ፉጨት»። ስሙ ተግባሯ ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሳይታይ ታፏጫለች፤ ክፍሉ ይስቃል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ምክንያት ከክፍል የወጣችበትን ጊዜ የቆጠረ የለም። መምህርቷም መጀመሪያ ላይ የድሮ ጠባይዋ መጣባትና «ማነው?» አለች ጮክ ብላ። ልጆቹ ሳቁ። ፉጨት ጨመረች።

«ደሞዟን እኮ እየከፈልሻት ነው» አለቻት ምክትሏ። «ሳቁም፣ ዓይንሽም ደሞዟ ነው። ደግሞ መቼ መቼ እንደምታፏጭ አስተውይ።»

መምህርቷ አስተዋለች። ልጅቷ ሙከራ ሲሠራ አታፏጭም። ቡድን ውስጥ አታፏጭም። የምታፏጨው ከመጽሐፉ ድምፅ አውጥተው ተራ በተራ ሲያነቡና ተራው ወደ እሷ ሲጠጋ ነው። ታፏጫለች፣ ትባረራለች፣ ሳታነብ ትቀራለች። ስንት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ አስተማሪ ቀጣኋት እያለ ከምትፈራው ነገር ሲያስመልጣት ኖሯል!

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ልጅቷን የሙከራ ዕቃ ስታሳጥባት ሳለ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«ማንበብ ያስፈራሻል?»

ልጅቷ የያዘችውን ብርጭቆ ማጠብ ቀጠለች። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጣ «ፊደሎቹ ይፈጥኑብኛል» አለች። «እኔ አንዱን ስይዝ ሌላው ይሄዳል። ቲቸር፣ ለማንም እንዳይናገሩ። ለአክስቴም። ልጆቹ ካወቁ ትምህርት ቤት አልመጣም።»

«ለማንም አልናገርም።»

ተስማሙ። መምህርቷ በማግስቱ የምትደርሳትን አንቀጽ ዛሬ ታሳያታለች፤ ሁለቱ ብቻቸውን ይለማመዱታል። አንቀጿ አጭር ትሆናለች፤ ሳትዘጋጅ መቼም አትጠራም። በመጀመሪያው ቀን ፉጨት ሁለት ዓረፍተ ነገር አነበበች፤ ላብ በላብ ሆነች። ማንም አልሳቀም። መምህርቷ ጭብጨባ አላበዛችም፤ በጠረጴዛዋ ስታልፍ ጎንበስ ብላ «የከበደሽን ቃል ቆም ብለሽ ከፍለሽ አነበብሽው፤ አየሁሽ» ብቻ አለቻት። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ ፈገግታዋን ስትደብቅ ዋለች።

መምህርቷ ለባሏ እንኳ አልነገረችም። ለምክትሏ ግን ነገረቻት። እንዴት እንደምታግዛት ለመጠየቅ ነበር፤ ደግሞ እሷ እሷው ናት፤ ለጓደኛዋ መንገር ለሰው እንደ መንገር አልመሰላትም። «በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» አለቻት።

«ይሄ ይነገረኛል?» አለች ምክትሏ ተቆጥታ። የንባብ መለማመጃ ወረቀቶችም አውጥታ ሰጠቻት።

በዚያ ሰሞን ርእሰ መምህሩ ጡረታ ሊወጣ ነበር። ቦታውን ምክትሏና ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ሰው ተፎካከሩበት። ሰውየው «ጨዋታ አያውቅም» የተባለለት ኃይለኛ ነው። ወላጆች ደግሞ ተቆጥተው ነበር፤ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ተደባድበው አንዱ እጁ ተሰብሯል። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ነዳጅ ማደያ ያለው ሰው፣ በየስብሰባው «ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የገበያ ቀን?» ይል ጀመር። ምክትሏ እንቅልፍ አጣች። መምህርቷ ልብሷን እስከ መምረጥ ድረስ አብራት ተጨነቀች። «አንቺ ካልሆንሽ ማን ይሆናል?» ትላታለች።

መምህርቷ ለጉሮሮዋ ክትትል ሐኪም ቤት በሄደችበት ጠዋት ሰባተኛ መን ሻለቃው ሸፈነ። ምን ማድረግ እንዳለበት ጽፋ ትታለታለች፤ በር ላይ ቁም፣ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፍ፣ ያልተዘጋጀ ልጅ ለንባብ አትጥራ። ወረቀቱን አላየውም፤ ወይም አይቶ ተወው። ልጆቹ ገቡ፤ የሚሠሩት ሲያጡ ተንጫጩ። እሱም ሊያስታግሳቸው መጽሐፍ አስወጣና ጣቱን ፉጨት ላይ ቀሰረ።

«አንቺ። ተነሺ፣ አንብቢ።»

«አልተዘጋጀሁም» አለች ልጅቷ።

«ለማንበብ ደግሞ ምን ዝግጅት አለው? ሰርግ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ አፏጨች። ሻለቃው ሄዶ ክንዷን ያዘ፤ ልትመነጭቀው ስትታገል ለሙከራ የተደረደሩት ብርጭቆዎችና ማይክሮስኮፑ ከነጠረጴዛው ተገለበጡ። ትምህርት ቤቱ ያለው ማይክሮስኮፕ ያው ብቻ ነበር።

መምህርቷ ስትመለስ ልጅቷ ቢሮ ደጃፍ ቆማለች፤ ጉዳዩ ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ተመርቷል። ቀጥ ብላ ምክትሏ ጋ ገባች።

«ጥፋት የለባትም አልልም» አለች። «ዕቃ ሰብራለች። ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራውን ታጽዳ፣ ያለውን አብራኝ ትጠግን፣ ሻለቃውን ይቅርታ ትጠይቅ። እሱም ክንዷን ስለያዘ ይጠየቅ። ካገድናት ግን እስካሁን የሠራነው ገደል ይገባል። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ምክትሏ እጇን ያዘቻት። «ለእኔ ተይው። ከአንቺ ጋር ነኝ። አንቺ ብዙ አትናገሪ፣ ጉሮሮሽ ገና ነው። እኔ እናገርልሻለሁ።»

ኮሚቴው የተሰበሰበው በቤተ መጻሕፍቱ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የነዳጅ ማደያው ባለቤት፣ ሌሎች ወላጆች፣ ሻለቃው፣ የትምህርት ቢሮ ተወካይ፣ ምክትሏ። መምህርቷ ከጫፍ ተቀመጠች። ፉጨት አክስቷን ተጠግታ ከግድግዳው ሥር ቆማለች። አክስቷ የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ጣቷ ላይ የቀለም ዱቄት እንዳለ ነው የመጣችው። ሻለቃው ተናገረ። ሰብሳቢው «ልጅ ፊት ነሥተን ካላሳደግናት ነገ እኛን ነው የምትገለብጠን» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ምክትሏ ዞሩ።

ምክትሏ ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች። መምህርቷ ልቧ ሞልቶ ጠበቀች።

«ይህ ጉዳይ ድንገት የመጣ አይደለም» አለች ምክትሏ። «በዚህ ክፍል ውስጥ ላላ ያለ አያያዝ እንዳለ አስቀድሜ አሳስቤ ነበር። የሥራ ባልደረባዬን አከብራታለሁ፤ ልበ ሩኅሩኅ ናት። ግን ልጆች በፈገግታ ብቻ አይያዙም። ይህች ተማሪ ደግሞ እንኳን የሰባተኛ ክፍልን ትምህርት ልትከታተል፣ በቅጡ ማንበብም አትችልም። የምትረብሸው ይህንኑ ለመሸፈን ነው። መምህርቷም ታውቃለች፤ ደብቃው ነው የቆየችው። ስለዚህ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ብትታገድ ለእሷም ለሌሎቹም ይበጃል።»

መምህርቷ የሰማችውን መጀመሪያ አላመነችም። ወንበሩ ከሥሯ የተሳበ ያህል ነበር። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው እስትንፋስ ብቻ ነው። ዓይኗ በግድግዳው ሥር ካለችው ልጅ ጋር ተገጣጠመ። ፉጨት አላለቀሰችም። ምክትሏንም አላየችም። ያየችው መምህርቷን ብቻ ነው፤ ትክ ብላ፣ አንድ ነገር ልታረጋግጥ እንደፈለገች ዓይነት። ካረጋገጠች በኋላ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«እንዲህ አይደለም» አለች መምህርቷ በመጨረሻ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ሰባተኛ መ ካለፈው ዓመት ተሻሽላ ነው ያለችው። መዝገቡን እዩት…»

«የሰበረችውን ዕቃ ነው የምናየው» አለ ሰብሳቢው። እጅ ተቆጠረ፤ እገዳው ጸደቀ። የምክትሏም እጅ ከተነሡት አንዱ ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት መምህርቷ ምክትሏ ቢሮ ገባች። አልተቀመጠችም።

«አስቀድመሽ ያሳሰብሽኝ መቼ ነው?»

ምክትሏ መነጽሯን አወለቀች። «ቁጭ በይ።»

«መቼ ነው ያልኩሽ!»

«ቀስ በይ፣ ጉሮሮሽ…»

«ጉሮሮዬን ተይው።»

ምክትሏ በመስኮት ወደ ሜዳው አየች። «ያ ሰውዬ ቢመጣ የሚያደርገውን ታውቂያለሽ? በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹን ልጅ ያባርር ነበር። እኔ ከተሾምኩ የምንፈልገውን ሁሉ እንሠራለን፤ በር ላይ መቆሙንም፣ ልምምዱንም። አንዲት ልጅ ናት። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ትመለሳለች።»

«አንቺ ነሽ እኮ ያስተማርሽኝ። ማገድ እንደማያስተካክል፣ ልጅ እንደሚያርቅ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የማታውቂው ብትሆኚ አይቆጨኝም ነበር።»

«ጥናት ወላጅ አያረጋጋም» አለች ምክትሏ። «ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ።»

«የእኔ ይቅር። ምስጢሯንስ? ለምን ያንን ነገርሽ?»

የምክትሏ እንባ ግጥም አለ፤ እጇን ዘረጋች። መምህርቷ የተዘረጋውን እጅ አየችው፤ አብሯት ያረጀ እጅ ነው። ሳትይዘው ወጣች።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ፈጣን ነው። ምክትሏ ተሾመች። በየክፍሉ በር የጥፋትና የቅጣት ሠንጠረዥ ተለጠፈ፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ይህ፣ ለሁለተኛው ያ፣ ለሦስተኛው ከግቢ መውጣት። ሰብሳቢው አመሰገነ። ቢሮው ደጃፍ የሚቆሙት ግን ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ልጆች ነበሩ፤ ታግደው ይሄዳሉ፣ ያመለጣቸውን ትምህርት ይዘው ይመለሳሉ፣ ስላልገባቸው ይረብሻሉ፣ እንደገና ይታገዳሉ። ሻለቃው እንኳ «እነዚህ ልጆች ወንበር አስቀምጡልን ሊሉን ነው» አለ አንድ ቀን፤ ማንም አልሳቀለትም።

መምህርቷ ፉጨትን ፍለጋ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደች። ልጅቷ ከማሽኑ ጀርባ ወረቀት እየደረደረች ነበር።

«ነግረዋታል» አለች፣ ሰላምታ ሳትመልስ።

መምህርቷ ሰበብ መፈለግ ትችል ነበር፤ ልትረዳሽ ብዬ ነው፣ ጓደኛዬ ነበረች፣ አታወጣውም ብዬ ነው። ሁሉም እውነት ነው። «አዎ» አለች። «ለማንም አልነግርም ብዬሽ ነግሬያለሁ።»

«ልጆቹ አውቀዋል። ትናንት እዚህ መጥተው ፊደል በትልቁ ኮፒ አድርጊልን አሉኝ።»

አክስቷ ከውስጥ ሆና «ሰው አታመላልሺ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለች። ልጅቷን ሳይሆን መምህርቷን ማለቷ እንደሆነ ግልጽ ነበር። መምህርቷ ወጣች፤ እስከ አውቶቡሱ ድረስ እያለቀሰች ሄደች። ተከድቻለሁ ስትል ለካ እሷም ከድታለች።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ፉጨት አልተመለሰችም።

በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች መጡ። አዲሷ ርእሰ መምህርት ግቢውን ካስጎበኘች በኋላ ሰባተኛ መ ይዛቸው ገባች። ለመምህርቷ አስቀድማ አልነገረችም። ልጆቹ ሥራቸው ላይ ነበሩ። መምህርቷ እጇን አነሳች፤ እርሳሶች ተቀመጡ፣ እጆች ተነሡ፣ ክፍሉ ጸጥ አለ። እንግዶቹ ተያዩ።

«ይህ የትምህርት ቤታችን አሠራር ነው» አለች ርእሰ መምህርቷ ፊቷ በርቶ። «አስቀድሞ መከላከል ላይ የተመሠረተ። በእኔ ጥናት ጀምረን ወደ ተግባር ያወረድነው ነው።»

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ደብዘዝ ያለ ሹራብ የለበሰች ሴት፣ ወደ መምህርቷ ዞረች። «በጣም ደስ ይላል። ያልሠራበት ጊዜስ የለም? ያልተለወጠ ልጅ?»

ርእሰ መምህርቷ ልትመልስ ስትል መምህርቷ ቀደመች። ድምጿ ዝቅተኛ ነበር፤ እንዲሰሟት እንግዶቹ ጠጋ አሉ።

«ተለውጣ የነበረች አለች። እዚያ መስኮቱ ሥር ነበር የምትቀመጠው። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯን ያነበበችው እዚህ ክፍል ነው። እኔ በሌለሁበት ቀን የለመደችው አሠራር ተጣሰባት፤ ዕቃ ሰበረች፤ ትምህርት ቤቱ አገዳት። ይቺም» አለች ወደ ርእሰ መምህርቷ ሳትዞር፣ «ትታገድ ብለው እጃቸውን ካነሡት አንዷ ናት። አሁን ትምህርት ቤት አትሄድም። እንግዲህ ያሳየናችሁን ስትጽፉ ይሄንንም ጻፉልን።»

ሹራብ የለበሰችው ሴት ቀና ብላ ርእሰ መምህርቷን አየቻት። ከኋላ ረድፍ አንዱ ልጅ የመስኮቱን ወንበር ዞሮ አየው። ርእሰ መምህርቷ «እንቀጥል» ብላ እንግዶቹን ይዛ ወጣች።

ምድር አልተገለበጠችም። ትምህርት ቢሮው ማሳሰቢያ ላከ ተባለ፤ በርእሰ መምህርቷ ላይ የደረሰ ነገር የለም። በሚቀጥለው ዓመት መምህርቷ ሰባተኛ ክፍል ተወስዶባት ዝቅ ያለ ክፍል እንድታስተምር ተመደበች። «ዕረፍት እንዲሆንልሽ ነው» የሚል መልእክት በጸሐፊዋ በኩል መጣላት። ስቃ ተቀበለችው። ሁለቱ ሴቶች ኮሪደር ላይ ሲገናኙ «ደህና ዋልሽ» ይባባላሉ፤ ልጆቻቸው ስለ ሌላዋ «እማ» ሲጠይቋቸው «ሥራ በዝቶባት ነው» እያሉ ያልፋሉ። በመምህርቷ የልደት ቀን ስልኳ ጠራ፤ የማን ቁጥር እንደሆነ ሳታይም አወቀች። እስኪዘጋ ተቀምጣ አየችው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግን መመላለሷን አልተወችም። ኮፒ የማያስፈልገውን ወረቀት ሳይቀር ይዛ ትሄዳለች፤ አስገልብጣ፣ ከፍላ፣ ሰላም ብላ ትወጣለች። ስለ ንባብ አታነሳም። አክስቷ መጀመሪያ ፊት ነሳቻት፤ በኋላ ወንበር ማቅረብ ጀመረች። ልጅቷ ኮፒውን ሰጥታት ወደ ማሽኑ ትመለሳለች።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ ደንበኛ በሌለበት አንድ ከሰዓት፣ ልጅቷ ለደንበኛ ኮፒ ያደረገችውን የሥራ ማስታወቂያ ይዛ ፊቷ ቆመች።

«ሰዎች የትኛው ገጽ ይቀድማል እያሉ ይጠይቁኛል» አለች። «አላውቅም እያልኩ ደከመኝ።»

መምህርቷ መነጽሯን አደረገች። «ከየት እንጀምር?»

«ቆይ፣ አንድ ነገር።» ልጅቷ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «ከእንግዲህ ምስጢር አልነግርዎትም። ማንበቡን ያስተምሩኝ። ከዚያ ውጭ ስለ ራሴ ምንም አይጠይቁኝ።»

ልጅቷ የምትለው ትክክል ነበር፤ መምህርቷ ሌላ ነገር የመጠየቅ መብት አልነበራትም።

«እሺ» አለች።

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ በጣም አልተጠጋችም፣ ጠረጴዛውን በመሃል አድርጋ። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈችና ቀስ ብላ ጀመረች።